የፕሮጀክት ሠራተኛ የውል ዘመን ሲያበቃ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ «ስንብት» እንዳይመስል ምን ብለን እንጻፍ?

መዝገብ ቤት ድሬ (ክሩን የጀመረችው)

ሰላም ለሁላችሁ። በድሬዳዋ ከተማ ጽሕፈት ቤቱ ከዚራ በሚገኝ አንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ የአስተዳደርና የሰው ኃይል ሥራን ደርቤ እሠራለሁ። በገጠር ቀበሌዎች፣ በተለይም በዋሂልና በጀልዴሳ አካባቢ፣ ሲካሄድ የቆየው የንጹሕ ውኃ ፕሮጀክታችን እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2025 ይዘጋል። የመስክ አስተባባሪያችን ለሁለት ዓመት በተወሰነ ውል የተቀጠረ ሲሆን፣ ውሉ የሚያበቃውም በዚሁ ቀን ነው። ሥራውን በሚገባ የሠራ ሰው በመሆኑ የሚሰጠው ደብዳቤ ነገ ሌላ ቦታ ሲያመለክት እንቅፋት እንዲሆንበት አልፈልግም።

ችግሩ በመዝገብ ቤታችን ያለው አብነት ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ የተጠቀሙበት እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ ከሥራ መሰናበትን ይመለከታል። በፕሮጀክቱ በጀት መዘጋት ምክንያት ድርጅቱ ከሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራ ውልዎን ያቋረጠ መሆኑን እየገለጽን፣ ይህ ደብዳቤ እንደ ማስጠንቀቂያ ተቆጥሮ በእጅዎ የሚገኘውን ንብረት አስረክበው እንዲሰናበቱ እናሳስባለን።»

ሳነበው ደስ አላለኝም፤ ሆኖም የትኛው ቃል በምን እንደሚተካ እርግጠኛ አይደለሁም። ሥራ አስኪያጃችን «ለዓመታት የተሠራበት ደብዳቤ ነው፣ ምን ጎደለው?» ይላሉ። ልምድ ያላችሁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

---

ሳቢያን ነዋሪ

እህቴ፣ መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ከቃላቱ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ሠራተኛው ሁለት ዓመት አገልግሏል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 35 መሠረት ከአንድ ዓመት በላይ ላገለገለ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ነው። አሁን ግንቦት አጋማሽ ላይ ስለሆንን ጊዜው አልፎባችኋል። ወይ የሁለት ወር ደመወዝ ትከፍላላችሁ፣ ወይ ውሉን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ታራዝማላችሁ። የስንብት ክፍያም እንዳትረሱ፤ ማንኛውም ሠራተኛ ሲለቅ ይገባዋል።

---

የሸንኮር ሰው

ከሐረር ነኝ። በተራድኦ ድርጅቶች የሰው ኃይል ኃላፊ ሆኜ ብዙ ዘመን ስለሠራሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእጄ ያላለፈበት ዓመት የለም ማለት እችላለሁ።

በመጀመሪያ ለሳቢያን ነዋሪ። የጠቀሱት የሁለት ወር ጊዜ በሕጉ ውስጥ በትክክል አለ፤ ነገር ግን የሚያገለግለው አሠሪው በማስጠንቀቂያ ውልን ሲያቋርጥ ነው። የተወሰነ ጊዜ ውል ቀኑ ደርሶ ሲያበቃ ግን የሚያቋርጠው ወገን የለም። አንቀጽ 24 ውል በሕግ መሠረት የሚቋረጥባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር የተወሰነው ጊዜ ማለቅን ወይም የተወሰነው ሥራ መጠናቀቅን አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ የሁለት ወሩ ሰንጠረዥ እዚህ አይገባም። ይሁን እንጂ በራሱ በውሉ ውስጥ «ውሉ ከማብቃቱ 30 ቀን በፊት ይገለጻል» የሚል አንቀጽ ካለ እርሱ ይገዛል፤ እህታችን ውሉን አውጥታ ታንብብ። የስንብት ክፍያም ቢሆን የሚገባባቸው ምክንያቶች በአንቀጽ 39 ስለተዘረዘሩ «ማንኛውም ሠራተኛ ሲለቅ» ብሎ መናገር አይቻልም።

አሁን ወደ አብነቱ። የደብዳቤው ዋና ችግር ትሕትና ማጣቱ አይደለም። አጭር ቢሆንም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ሦስቱም እውነት አይደሉም።

«በበጀት መዘጋት ምክንያት» የሚለው ሐረግ ብዙ ሰው ለዘብ ያለ ምክንያት ስለሚመስለው ይጽፈዋል። በሕግ ዓይን ግን አሠሪው በገንዘብ ችግር ሠራተኛ ቀነሰ ወደሚለው ያመራል። ቅነሳ ደግሞ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ማስጠንቀቂያና የራሱ ክፍያ አለው። ሠራተኛው ይህን ደብዳቤ ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ ምክንያቱን የጻፋችሁት እናንተው ራሳችሁ ናችሁ። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ማለቁ ለእናንተ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የውሉ ማብቂያ ምክንያት ግን ቀኑ መድረሱ ነው፤ ደብዳቤው የሚጠቅሰውም እርሱን ብቻ መሆን አለበት።

«ድርጅቱ ውልዎን ያቋረጠ መሆኑን» የሚለው አድራጊውን ድርጅቱ ያደርገዋል። ውሉን በአረፍተ ነገሩ ባለቤት ቦታ ላይ አስቀምጡት፤ «ውሉ ያበቃል» በሉ። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በሌላ መሥሪያ ቤት ቅጥር የሚሠራው ሰው በመጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው።

ሦስተኛው «ማስጠንቀቂያ» ነው። አዋጁ ቃሉን ለቅድሚያ ማሳወቅ እንደሚጠቀምበት አውቃለሁ። ነገር ግን በእኛ መሥሪያ ቤቶች የግል ማኅደር ውስጥ ማስጠንቀቂያ ማለት በጥፋት የተሰጠ ቅጣት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ማኅደሩን የሚከፍት ሰው «በማስጠንቀቂያ የወጣ» ብሎ ያነበዋል። «ማሳወቂያ» በቂ ነው።

የቀኑ ጉዳይም አለ። ውሉ ሰኔ 23ን ጨምሮ የሚሠራ ከሆነ «ከሰኔ 23 ጀምሮ» ብሎ መጻፍ የመጨረሻውን የሥራ ቀን ከሠራተኛው ላይ ይወስድበታል። በተለይም ውሉ በእንግሊዝኛ ተፈርሞ ደብዳቤው በአማርኛ ሲጻፍ ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ክርክርን ያስቀራል። ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2025 ነው፤ ይህን ልክ አድርገሻል።

---

ለገሃር 7

ሰላም። እኔም የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ ፈልጌ ነበር። አለቃዬን ሳላስቀይም ለመልቀቅ ስንት ቀን ቀድሜ ማስገባት አለብኝ? አብነት ያለው ካለ ቢልክልኝ።

---

የሸንኮር ሰው

ወንድሜ፣ የእርስዎ በራስ ፈቃድ መልቀቅ ስለሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሠላሳ ቀን ቅድሚያ ማሳወቂያ ይሰጣሉ። ዝርዝሩን በሌላ ክር ቢጠይቁ ሰዎች ይመልሱልዎታል፤ እዚህ ሁለቱ እንዳይደባለቁ።

---

ጀጎል በር

እኔ ደግሞ የዚህ አብነት ሰለባ ነኝ ማለት እችላለሁ። በሐረር ዙሪያ ይሠራ በነበረ አንድ ድርጅት ውስጥ ውሌ ቀኑን ጠብቆ ነው ያበቃው፤ የተሰጠኝ ደብዳቤ ግን «ተሰናብተዋል» ይላል። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ ተፈትኜ ካለፍኩ በኋላ ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ሰዎች «ለምን አሰናበቱህ?» ብለው ጠየቁኝ። ውሉ እንዳለቀ ባስረዳም «እንግዲያው ደብዳቤው ለምን እንዲህ አለ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ቀጣሪዬን ደብዳቤውን እንዲያስተካክልልኝ ብጠይቅ «ቃሉ አንድ ነው» ተብዬ ተመለስኩ።

ግን እኔ የማነሳው ሌላ ነገር አለ። በዚያ ድርጅት ውስጥ አምስት ጊዜ ነው ውሌ የታደሰው። የፕሮጀክቱ ስም እየተቀየረ እኔ ያው አንድ ወንበር ላይ ያው አንድ ሥራ ስሠራ ነበር። ደብዳቤው ምንም ያህል ቢያምር፣ እውነት የእኔ ውል «የተወሰነ ጊዜ» ነበር ማለት ይቻላል?

---

ጥቁር ካባ

የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ በድሬዳዋ ፍርድ ቤቶች በሥራ ክርክር እቆማለሁ። የጀጎል በርን ጥያቄ ማንም በአንድ አረፍተ ነገር መመለስ አይችልም። የአዋጁ መነሻ በአንቀጽ 9 የተቀመጠው ነው፤ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ጥያቄ ሲያነሳ ፍርድ ቤቱ የሚመለከተው የውሉን ርዕስ ብቻ ሳይሆን የሥራውን ባሕርይ ጭምር ነው። አንድ የውኃ ጉድጓድ ግንባታ ተጀምሮ የሚያልቅ ሥራ ነው። የአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ግን ደመወዙ ከየትኛውም ፕሮጀክት ቢከፈል ድርጅቱ እስካለ ድረስ የሚያስፈልግ ሥራ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። በለጋሽ ገንዘብ መሥራት በራሱ ሥራውን ጊዜያዊ ያደርገዋል ወይ በሚለው ላይ እኔም ከባልደረቦቼ ጋር አልስማማም፤ እያንዳንዱ ጉዳይ በማስረጃው ይወሰናል።

ደብዳቤን በተመለከተ የምለው ይህ ነው። ደብዳቤ የውሉን ባሕርይ አይለውጥም። ውሉ በሕግ ፊት ያልተወሰነ ጊዜ ከሆነ «ዘመኑ አበቃ» ብሎ መጻፍ አያድንም። በተቃራኒው ግን ውሉ በእርግጥ የተወሰነ ጊዜ ሆኖ ሳለ መጥፎ ደብዳቤ ያልነበረ ክርክር ሊፈጥር ይችላል። የሸንኮር ሰው ስለ በጀት ያሉትን እኔም በፋይል አይቼዋለሁ።

---

መዝገብ ቤት ድሬ

እጅግ አመሰግናለሁ። ውሉን አውጥቼ አነበብኩት። «ከማብቂያው 15 ቀን በፊት በጽሑፍ ይገለጻል» የሚል አንቀጽ አለው፤ ስለዚህ ጊዜ አለን። የተወሰነበት ምክንያትም በግልጽ ተጽፏል፤ ለዚሁ የውኃ ፕሮጀክት የመስክ ሥራ ነው።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ግን አለ። ሥራ አስኪያጃችን የመጨረሻው ሪፖርት ስለሚቀር ሰውዬው እስከ ሐምሌ 10 ድረስ «በቃል ተስማምተን» እየመጣ ቢያግዘን ይላሉ። ደብዳቤው በሰኔ 23 አብቅቷል እያለ ሰውዬው ቢሮ ቢቀመጥ ምን ይሆናል?

---

ጥቁር ካባ

ይህን አታድርጉ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሠራተኛው በአሠሪው ዕውቀት ሥራውን ከቀጠለ የደብዳቤው ቃል በተግባሩ ይፈርሳል፤ ውሉ እንደቀጠለ፣ ምናልባትም ላልተወሰነ ጊዜ እንደቀጠለ፣ ለመከራከር በር ይከፈታል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ሪፖርቱ እስከ ሰኔ 23 እንዲያልቅ ሥራውን አሁኑኑ አጣድፉ፤ ካልሆነ ግን ከሰኔ 23 በፊት የሚፈረም የማራዘሚያ ስምምነት አዘጋጁ፤ ሥራው የመጨረሻው ሪፖርት መሆኑን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ደመወዙን ይግለጽ። ከዚያ የማሳወቂያው ደብዳቤ ማብቂያ ቀንም አዲሱ ቀን ይሆናል። ማራዘሚያ ፈርማችሁ አሮጌ ቀን ያለበት ደብዳቤ ማኅደር ውስጥ አትተዉ።

---

ሒሳብ ሹሙ

እኔ የፋይናንስ ሰው ስለሆንኩ በዚያ በኩል ልግባ። ከፕሮጀክቱ መዝጊያ ቀን በኋላ የተፈጠረ ወጪ በአብዛኛው በለጋሹ ዘንድ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ እስከ ሐምሌ 10 ካራዘማችሁ የእነዚያ ቀናት ደመወዝ ከየት እንደሚከፈል አስቀድማችሁ እወቁ። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያም እንዲሁ በፕሮጀክቱ ዘመን ውስጥ ተሰልቶ መመዝገብ አለበት።

ደብዳቤው ላይ ክፍያን በተመለከተ «ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት ይከፈልዎታል» የሚል ጭጋጋማ አረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ሠራተኛው ምን እንደሚያገኝ፣ መቼ እንደሚያገኝ አያውቅም። አዋጁ በአንቀጽ 36 ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ይላል። ቢዘገይ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ፍርድ ቤት ሊያዝዝ ስለሚችል ነገሩ ቀልድ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምትሠሩ ከሆነ ከሰኔ 23 ቀጥሎ ሰባተኛው የሥራ ቀን ሐምሌ 2 ነው። ቀኑን ጻፉት። ቀሪውን የፈቃድ ቀን ብዛትም ጻፉት፤ የብሩን መጠን ግን ደብዳቤው ውስጥ አታስገቡ፤ የሒሳብ መግለጫ ሆኖ ለብቻው ይያያዝ። ግብርና ሌላ ተቀናሽ ስላለ መጠኑ በአንድ ብር ቢሳሳት እንኳ ደብዳቤው ሁሉ እንደገና ይጻፋል።

ንብረትን በሚመለከት ሠራተኛው ርክክቡን በራሱ ምክንያት ካዘገየ የሰባት ቀኑ ጊዜ ሊራዘም እንደሚችል ሕጉ ያውቃል። ስለዚህ የንብረት ዝርዝሩ አብሮ ይሰጠው፤ ክሊራንሱ የመጨረሻው ቀን ላይ ሳይሆን ከአንድ ሳምንት በፊት ይጀመር።

---

ሳቢያን ነዋሪ

ስለ ማስጠንቀቂያው ጊዜ የተሰጠኝን መልስ ተቀብያለሁ። ነገር ግን ደብዳቤው የሞራል ነገርም ሊኖረው ይገባል። «የውሉ ማብቃት ከሥነ ምግባርዎም ሆነ ከሥራ አፈጻጸምዎ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል አንቀጽ ቢጨመርስ? ጀጎል በር የደረሰበትን የሚከላከለው ይህ ይመስለኛል።

---

የሸንኮር ሰው

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት አለ፤ እኔ የምቃወመው ወገን ነኝ። ሳይጠየቅ የሚምል ሰው ይጠረጠራል እንደሚባለው፣ ማንም ባላነሳው ጥፋት ላይ ማስተባበያ መጻፍ አንባቢውን «ምን ነበር እንዲህ ያስባላቸው?» ያሰኘዋል። ሌላም ችግር አለው። ይህን አረፍተ ነገር ዛሬ ለአንዱ ጽፋችሁ ነገ ለሌላው ብታስቀሩ ያልተጻፈለት ሰው ላይ ትመሰክሩበታላችሁ። ምክንያቱን በአዎንታ አንድ ጊዜ በግልጽ መናገር ይበቃል።

---

ጀጎል በር

ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። ቃለ መጠይቅ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያ አረፍተ ነገር ቢኖረኝ ኖሮ አውጥቼ አሳያቸው ነበር። ቀጣሪው ስለ አንቀጽ 24 ምንም አያውቅም፤ የሚያነበው አማርኛውን ነው። ለሁሉም ሠራተኛ ወጥ ሆኖ ከተጻፈ ደግሞ የሸንኮር ሰው የፈሩት አይመጣም።

---

ጥቁር ካባ

እኔ መሃል ላይ ነኝ። ድርጅቱ ለሁሉም ወጥ አድርጎ የሚጠቀምበት ከሆነ ጉዳት የለውም። ካልሆነ ይቅር። ይህ የሕግ ጉዳይ ሳይሆን የድርጅቱ ልማድ ጉዳይ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የማልወደውን ልማድ ልጥቀስ። በደብዳቤው ግርጌ «ደብዳቤውን ተቀብያለሁ፣ በድርጅቱም ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ተብሎ ይጻፍና ሠራተኛው እንዲፈርም ይደረጋል። መቀበልና መብትን መተው ለየብቻ ናቸው። ክፍያው ገና ሳይፈጸም ጥያቄ የለኝም ማስባል ጥርጣሬን ይወልዳል፤ ፊርማውን እንቢ የሚል ሰውም የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። «የደብዳቤውን ዋና ቅጂ ተቀብያለሁ» ከስም፣ ከቀንና ከፊርማ ጋር ይበቃል።

---

መዝገብ ቤት ድሬ

ሁሉንም አስተያየት ይዤ የሚከተለውን አዘጋጅቻለሁ። ማራዘሚያው ቀርቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱ እስከ ሰኔ 20 እንዲጠናቀቅ ተስማምተዋል። እባካችሁ እዩልኝ።

«ቁጥር፦ …
ቀን፦ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ …
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የሥራ ውልዎ ዘመን የሚያበቃበትን ቀን ስለማሳወቅ

በድርጅታችንና በእርስዎ መካከል በተፈረመውና ከሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2023) ጀምሮ በጸናው የተወሰነ ጊዜ የሥራ ውል መሠረት፣ በንጹሕ ውኃ ፕሮጀክቱ ውስጥ በመስክ አስተባባሪነት በመሥራት ላይ መሆንዎ ይታወቃል። በውሉ የተወሰነው ጊዜ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2025) ስለሚፈጸም የሥራ ውሉ በዚሁ ዕለት በሥራ ሰዓት ማብቂያ ላይ ያበቃል። የመጨረሻ የሥራ ቀንዎም ይኸው ዕለት ነው።

እስከዚያው ቀን ድረስ ደመወዝዎና ሌሎች ጥቅሞችዎ ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ። የመጨረሻው ወር ደመወዝዎና በመዝገባችን ያልተጠቀሙበት ሆኖ የሚታየው የ7 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ክፍያ እስከ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በባንክ ሒሳብዎ ገቢ ይደረጋል። ስሌቱ ከሰኔ 16 ቀን ጀምሮ በፋይናንስ ክፍል ስለሚገኝ እንዲመለከቱት፣ ልዩነት ካለም እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን። በእጅዎ የሚገኘው ንብረት ዝርዝር ከዚህ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ርክክቡ ከሰኔ 16 እስከ ሰኔ 23 ባሉት ቀናት ይከናወናል።

የሠሩትን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንዎንና ደመወዝዎን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ በመጨረሻው የሥራ ቀንዎ ያለ ክፍያ ይሰጥዎታል።

በፕሮጀክቱ ዘመን ለሰጡት አገልግሎት እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል፤ ለግል ማኅደር»

ስለ ሥነ ምግባርና አፈጻጸም የሚለውን አረፍተ ነገር አላስገባሁም፤ ሥራ አስኪያጁ ለሁሉም ወጥ አድርገው ለመጠቀም አልፈለጉም።

---

የሸንኮር ሰው

ጥሩ ሆኗል። ጉዳዩ የሚለው መስመር ብቻውን ቢነበብ እንኳ ሙሉ መልእክቱን ይሰጣል፤ በመዝገብ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው እርሱ ብቻ ስለሆነ ይህ ዋጋ አለው። «ፈቃዱ በመዝገባችን የሚታየው» ማለትሽ ለእርማት ቦታ ይተዋል። ግልባጩን በሁለት ብቻ መወሰንሽም ደግ ነው። አንዳንድ ድርጅት ይህን የመሰለ ደብዳቤ ለወረዳና ለቢሮ ሁሉ ይበትነዋል። ከፕሮጀክቱ ጋር ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ማሳወቅ ካስፈለገ ለብቻው ይጻፍ፤ እርሱም ከሰኔ 24 ጀምሮ ጉዳዩን የሚከታተለው ማን እንደሆነ ብቻ ይናገር። «ከእንግዲህ ድርጅታችንን የማይወክሉ መሆኑን» የሚለው አጻጻፍ ገንዘብ ይዞ ለጠፋ ሰው የሚወጣ ማስታወቂያ ይመስላል።

አንድ ነገር ብቻ፦ «ውሉ ታድሶ ስላልተገኘ» ወይም «እንዳይታደስ ስለተወሰነ» የሚል ነገር አለመጻፍሽን ወድጄዋለሁ። ማንም ሥራ አስኪያጅ ቢጨምረው አውጪው። ውሳኔ ተደረገ ማለት ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ምክንያት ይጠየቅበታል።

---

ቢዮ አዋሌ

እኔ የመስክ ሰው ነኝ። ለአስተባባሪው ይህ ደብዳቤ ይስማማዋል። ግን በጀልዴሳ በኩል የውኃ ቦታውን ለሚጠብቁትስ? እነርሱም በዚሁ ቀን የሚያልቅ ውል ከፈረሙ ይህ የተጠና አማርኛ ምን ይጠቅማቸዋል? አብዛኞቹ የሚናገሩት ሶማሊኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ነው። በአንድ ቦታ ወረቀቱን የተቀበሉ ጠባቂዎች ሌብነት የተጠረጠሩ መስሏቸው ሽማግሌ ይዘው ቢሮ መጥተው ነበር።

---

መዝገብ ቤት ድሬ

ትክክል ብለዋል፤ ሁለት ጠባቂዎች አሉን። ደብዳቤው ለእነርሱ ከአራት አረፍተ ነገር ባልበለጠ ይጻፋል። በምስክር ፊትም በሚገባቸው ቋንቋ ተነቦላቸው፣ ያነበበው ሰው ስምና ቋንቋው በቅጂው ላይ ይመዘገባል። አስተባባሪው ራሱ እንዳያነብላቸው እንጂ፤ የእርሱም ውል በዚያው ቀን ያበቃልና የእርሱ ሥራ መስሎ እንዳይታያቸው።

አሁን ደግሞ ማኅደሩን ስመረምር አንድ ነገር አገኘሁ። አስተባባሪው ከዚህ ውል በፊት በሌላ ፕሮጀክታችን በመረጃ ሰብሳቢነት ለአንድ ዓመት ሠርቷል፤ የዚያ ውል መጨረሻ ሰኔ 23 ቀን 2015 ነው። በመሃል አንድ ቀን እንኳ የለም። የሥራ ልምድ ማስረጃው ከየትኛው ቀን ይጀምር?

---

ሒሳብ ሹሙ

የፈቃዱን ቀሪም እንደገና አሥሊ። የመጀመሪያው ውል ሲያበቃ የፈቃድ ክፍያ ተከፍሎት ከሆነ የክፍያ ሰነዱን ፈልጊ። ካልተከፈለው 7 ቀን የሚለው ቁጥር ልክ ላይሆን ይችላል። ሁለቱ ውሎች ተያይዘው እንደ አንድ አገልግሎት ይቆጠራሉ ከተባለም የፈቃድ ስሌቱ ይለወጣል፤ ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በአገልግሎት ዘመን እየጨመረ ስለሚሄድ።

---

ሳቢያን ነዋሪ

በእኔ እምነት ሥራው የተለያየ፣ ፕሮጀክቱም የተለያየ ስለሆነ ሁለት ውል ነው። የፊተኛው ተዘግቷል።

---

ጥቁር ካባ

አንድ አገልግሎት ነው ወይስ ሁለት የሚለውን በዚህ ክር አንወስነውም። የሥራው መደብ መለያየቱ ለድርጅቱ ይረዳል፤ ቀኑ ሳይቋረጥ መያያዙ ለሠራተኛው ይረዳል። ሁለቱንም ውሎች ይዛችሁ የምታምኑትን ጠበቃ አማክሩ።

ለማስረጃው ግን መልሱ ይህን አይጠብቅም። የሥራ ልምድ ማስረጃ በእውነት የሠራውን ይናገራል፤ ሁለቱንም መደቦች በየቀናቸውና በየደመወዛቸው ለየብቻ ዘርዝሪ። አንድ ዓመቱን መተው ሰውዬውን ይጎዳል፤ ሁለቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ ሦስት ዓመት በአስተባባሪነት ማለትም ሐሰት ይሆናል። በማሳወቂያው ደብዳቤ ላይ ደግሞ የአሁኑን ውል መጀመሪያ ቀን ብቻ መጥቀስሽ ልክ ነው። «ጠቅላላ አገልግሎትዎ ሁለት ዓመት ነው» የሚል ቃል እስካሁን የለበትም፤ እንዳይገባም ተጠንቀቂ።

---

መዝገብ ቤት ድሬ

ገባኝ። የፈቃድ ቁጥሩን የ2015ን የክፍያ ሰነድ እስካገኝ ድረስ ከደብዳቤው አውጥቼ «በፋይናንስ ክፍል በሚዘጋጀው ስሌት መሠረት» ብዬ ተክቼዋለሁ። ማስረጃው በሁለት መስመር ይዘጋጃል። ደብዳቤው ግንቦት 25 ቀን በእጁ ይሰጠዋል። የአገልግሎት ዘመኑን ጥያቄ ለቦርዱ ጠበቃ አቅርቤያለሁ፤ መልሱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።